ካርዱ «ፎቶ የለም» ሲል

ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ካሜራ ማታ ላይ ተከፍቶ «ምንም ፎቶ የለም» የሚል ጽሑፍ ካወጣ፣ ጽሑፉ የሚናገረው ካሜራው በካርዱ ላይ ሊያሳየው የሚችለው ነገር እንዳላገኘ ብቻ ነው። ፎቶዎቹ በእርግጥ ከካርዱ ላይ ጠፍተዋል ወይስ አልጠፉም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ በሚቀጥሉት ጥቂት ደቂቃዎች በሚደረገው ወይም በማይደረገው ነገር ይወሰናል። በደህና ተቀምጠው የነበሩ ፎቶዎች ለዘላለም የሚጠፉት ባለቤታቸው ደንግጦ ከካርዱ ጋር መታገል ሲጀምር ነው።

ምክንያቱ ካርዱ መረጃ የሚይዝበት መንገድ ነው። በሜሞሪ ካርድ ላይ ፎቶው ራሱ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ የፎቶው ስም፣ መጠንና የት እንደሚጀምር የሚገልጸው ማውጫ ደግሞ በሌላ ቦታ ይጻፋል። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ዝርዝሩ የተጻፈበት ደብተር ቢቀደድ ፋይሎቹ ከመደርደሪያው እንደማይነሡ ሁሉ፣ የካርዱ ማውጫ ሲበላሽ ወይም ሲሰረዝ ፎቶዎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ከ2 ጊጋባይት በላይ እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙ ኤስዲ ካርዶች ማውጫቸውን FAT32 በተባለ ሥርዓት፣ ከዚያ በላይ የሚይዙት ደግሞ exFAT በተባለው ያደራጃሉ። ካሜራው ፎቶዎቹን የሚፈልገው DCIM በተባለ ፎልደር ውስጥ ነው። ይህ ፎልደር ከቦታው ከተነሣ፣ ስሙ ከተለወጠ ወይም ማውጫው ላይ ካልተገኘ ካርዱ እስከ አፉ ሞልቶም ቢሆን ካሜራው «የለም» ይላል።

ተራ ፎርማት እንኳ በአብዛኛው የሚያጠፋው ማውጫውን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ካርዱ ያንን ቦታ ሁሉ «ባዶ ነው» ብሎ ስለሚቆጥረው፣ ቀጥሎ የሚመጣ ማንኛውም ፋይል በአሮጌዎቹ ፎቶዎች ላይ ሊጻፍ ይችላል። ማውጫው የተሰረዘበት ካርድ አዲስ ፋይል ሲቀበል የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ነጻ ቦታ ነው፤ እዚያ ያሉት ደግሞ በዕለቱ አስቀድመው የተነሡት ፎቶዎች ናቸው። በሰርግ ሥራ እነዚህ ሙሽራዋ በእናቷ ቤት ስትለብስ የተነሡት ናቸው። «ካርዱ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር» ተብሎ የምትነሣ አንዲት የሙከራ ፎቶ ከእነሱ አንዱን ልትደመስስ ትችላለች። በላዩ ላይ የተጻፈበትን ፎቶ ደግሞ ማንም ባለሙያ፣ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ማቆም ነው። ካሜራው በካርዱ ላይ እየጻፈ መሆኑን የምታሳየው ትንሽ መብራት እስክትጠፋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ካሜራው ይጠፋል፣ ካርዱም ይወጣል። ተለቅ ባለው ኤስዲ ካርድ ጎን ላይ ትንሽ ተንሸራታች መቆለፊያ አለች። የካርዱ ስም የተጻፈበት ፊት ወደ ራስ ዞሮ፣ የተቆረጠው ማዕዘን በስተቀኝ ወደ ላይ ሲሆን መቆለፊያዋ በግራ በኩል ትገኛለች። ወደ ታች ስትወርድ ካርዱ ለመጻፍ ዝግ ይሆናል፤ ለማንበብ ግን ክፍት ነው። የጠረጠሩትን ካርድ ሳይቆልፉ ወደ የትኛውም መሣሪያ መመለስ አይገባም። ካሜራም ሆነ ኮምፒውተር ባለቤቱ ሳያዝዛቸው በካርድ ላይ የሚጽፉት ነገር አላቸውና። ዊንዶውስ System Volume Information የሚባል ፎልደር ይፈጥራል፤ የማክ ኮምፒውተሮችም የራሳቸውን ስውር ፋይሎች ይተዋሉ፤ ካሜራው ደግሞ DCIM ካጣ አዲስ ሊሠራ ይችላል።

መቆለፊያዋ ግን ፍጹም ጥበቃ አይደለችም። በካርዱ ውስጥ ካለው ኤሌክትሮኒክስ ጋር ግንኙነት የላትም፤ ካርዱን የሚቀበለው መሣሪያ ቦታዋን አይቶ እንዲያከብራት የተበጀች ምልክት ናት። የማያከብሩ ርካሽ ካርድ ሪደሮች አሉ። ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ደግሞ የራሱ መቆለፊያ ስለሌለው ባለ መቆለፊያ አስማሚ ውስጥ ገብቶ ቢነበብ ይሻላል።

የሚከተለው ምሳሌ እርምጃዎቹን በቅደም ተከተል ያሳያል። የጥር ወር ሰርግ ነው። ፎቶ አንሺው በካኖን ካሜራ፣ በ64 ጊጋባይት ካርድ፣ ጥሬ ፋይል ብቻ እየቀዳ ከጠዋት እስከ ማታ 850 ያህል ፎቶ አንሥቷል። አንዱ ፋይል በአማካይ 25 ሜጋባይት ቢሆን ድምሩ 21 ጊጋባይት ገደማ ነው። በግብዣው መሐል ረዳቱ ካርዱን ወስዶ፣ የጠዋቱን ጥቂት ፎቶዎች በአዳራሹ ስክሪን ላይ እንዲታዩ ከአዳራሹ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ነበር። ማታ ቤት ሲደርሱ ካሜራው ፎቶ የለም ይላል።

ካርዱ ተቆልፎ ወደ ካሜራው ሲመለስ መጀመሪያ የሚጣሩት ቀላል ምክንያቶች ናቸው። ባለ ሁለት ካርድ ካሜራ ከሆነ ፎቶዎቹ በሌላኛው ካርድ ላይ ተቀድተው ማሳያው ባዶውን ካርድ እያሳየ ሊሆን ይችላል። በኒኮን ካሜራዎች Playback folder የሚለው ምርጫ Current ላይ ከሆነ በሌላ ፎልደር ያሉ ፎቶዎች አይታዩም፤ All ላይ ሲደረግ ይወጣሉ። በብዙ የሶኒ ካሜራዎች ደግሞ View Mode ቪዲዮ ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ከሆነ ፎቶ የሌለ ይመስላል። ሶኒ የምስል ዳታቤዝ ፋይሉ ስለተበላሸ ይጠገን ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ለጊዜው «አይሆንም» ነው። ጥገናው በካርዱ ላይ መጻፍ ነው፤ ቅጂ ሳይያዝ አይፈቀድም። ካርዱ መቆለፉን ካሜራው በማስጠንቀቂያ ሊናገር ይችላል፤ ፎቶ ማየትን ግን ብዙዎቹ አይከለክሉም።

ሌላ የሚያሳዝን ምክንያትም አለ። ካሜራዎች ካርድ ሳይኖራቸው ሹተር እንዲሠራ የሚፈቅድ ምርጫ አላቸው፤ በካኖን Release shutter without card፣ በኒኮን Slot empty release lock ይባላል። ምርጫው ክፍት ሆኖ ካርዱ በደንብ ሳይገባ ከቀረ ካሜራው ያነሣ ይመስላል እንጂ ምንም አልተቀዳም። ይህ ከሆነ በካርዱ ላይ የሚፈለግ ነገር የለም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል።

ይህንን ለመለየት የፋይል ቁጥር ይረዳል። የካሜራው የፋይል አሰያየም Continuous ላይ ከሆነ ቁጥሩ ካርድ ቢለወጥም አይቋረጥም። በምሳሌው ከሰርጉ በፊት የተነሣው የመጨረሻ ፎቶ በፎቶ አንሺው ላፕቶፕ ላይ አለ፤ ስሙ በ3412 ያልቃል። የተጠረጠረው ካርድ ወጥቶ ሌላ ፍጹም ባዶ የሆነ ካርድ ይገባና አንድ ፎቶ ይነሣል። አዲሱ ፋይል IMG_4263 የሚል ስም ካገኘ፣ ካሜራው ከ3413 እስከ 4262 ያሉትን 850 ቁጥሮች ተጠቅሞባቸዋል፤ ፋይሎቹም በዕለቱ በገባው ካርድ ላይ ተጽፈዋል ማለት ነው። 3413 ቢል ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ካርዱ አለመግባት ባዘነበለ ነበር። ሙከራው የሚሠራው ሁለተኛው ካርድ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያላቸው አሮጌ ፎቶዎች ካሉበት ካሜራው ቁጥሩን ከእነሱ ሊቀጥል ይችላል። አሰያየሙ ለእያንዳንዱ ካርድ እንደ አዲስ እንዲጀምር ተደርጎ ከሆነም ምንም አይነግርም።

ከዚህ በኋላ ተራው የኮምፒውተር ነው። ካሜራውን በገመድ ከማያያዝ ይልቅ ካርዱን ተቆልፎ ሳለ በካርድ ሪደር ማንበብ ይሻላል፤ በገመድ ሲያያዝ ኮምፒውተሩ የሚያየው ካሜራው የመረጠለትን ብቻ ነው። ካርዱ እንደገባ ብቅ የሚሉ ጥያቄዎች አደገኛ ናቸው። ዊንዶውስ ካርዱን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል ካለ Cancel ይጫናል። ችግር አለበትና ልቃኘውና ላስተካክለው ሲልም እንደዚሁ መልሱ «አይሆንም» ነው። የዊንዶውስ ጥገና ማውጫውን ከራሱ ጋር ለማስማማት የተሠራ እንጂ ፎቶ ለማዳን የተሠራ አይደለም፤ ያልገቡትን ቁርጥራጮች FOUND.000 በሚል ፎልደር ውስጥ በቁጥር ስም ያስቀምጣቸዋል፤ በዚህ መሐል የቀድሞው ማውጫ ይለወጣል። በማክ ኮምፒውተር ዲስኩ አይነበብም የሚል መልእክት ከመጣ ከሦስቱ ቁልፎች መነካት የሌለበት Initialize ነው።

ካርዱ ከተከፈተ ከፎልደሮቹ በፊት መታየት ያለበት የተያዘው ቦታ ነው። በዊንዶውስ የካርዱ ምልክት ላይ በቀኝ አዝራር ተጭኖ Properties ሲመረጥ Used space የሚል መስመር ይገኛል። ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ በዊንዶውስ አቆጣጠር በጠቅላላው 59 ጊጋባይት ተኩል ገደማ ሆኖ ቢታይ ስሕተት አይደለም፤ በዚያው አቆጣጠር የሰርጉ 21 ጊጋባይትም ወደ 20 ይጠጋል። ከምርመራው ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ቁጥር ነው። የተያዘው ቦታ ከታሰበው ድምር ጋር ከተቀራረበ፣ ማውጫው የፋይሎቹን ቦታ አሁንም «ተይዟል» እያለ ነው፤ ማለትም ፎቶዎቹ አልተሰረዙም፣ የተሰወሩት ከዓይን ብቻ ነው።

በምሳሌው ካርድ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። የተያዘው ቦታ ወደ 20 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በመስኮቱ ውስጥ የሚታየው ግን የካርዱን ስም የያዘች፣ አንድ ኪሎባይት እንኳ በደንብ የማትሞላ አንዲት ሾርትከት ናት። DCIM የለም። ይህ የማተሚያ ቤትና የኢንተርኔት ቤት ደንበኞች ሁሉ የሚያውቁት የሾርትከት ቫይረስ ሥራ ነው፤ ካርዱ ያገኘውም ከአዳራሹ ኮምፒውተር ነው። ቫይረሱ ፋይሎቹን አያጠፋም። ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ፈጥሮ ሁሉንም ወደዚያ ያዛውራል፤ ፎልደሩንም የሲስተም ፋይል አስመስሎ ይሰውረዋል። DCIM ከቦታው ስለተነሣ ካሜራው ምንም አላየም።

እዚህ ላይ ሾርትከቷን መክፈት አይገባም፤ ስትከፈት የሚነሣው ቫይረሱ ነው። መደረግ ያለበት የኮምፒውተሩን አቀራረብ መለወጥ ብቻ ነው። በፎልደር ምርጫዎች ውስጥ Show hidden files የሚለው ይበራል፣ Hide protected operating system files የሚለው ደግሞ ይጠፋል። ያን ጊዜ ስም የለሹ ፎልደር ፈዘዝ ብሎ ይወጣል፤ በውስጡ DCIM፣ በእሱም ውስጥ 850ው ፋይሎች አሉ። DCIM ብቻውን ወደ ላፕቶፑ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ካርዱ እስከ መጨረሻው ድረስ ተቆልፎ ቆይቷል፤ የማዳኛ ሶፍትዌርም አላስፈለገም። በሊኑክስ ኮምፒውተር ቢሆን ስም የለሹ ፎልደር ከመጀመሪያው በግልጽ ይታይ ነበር፤ የዊንዶውስ የመሰወሪያ ምልክት እዚያ አይሠራምና።

ሁሉም ካርድ እንዲህ በቀላሉ አይገላገልም። የተያዘው ቦታ ዜሮ አካባቢ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ካርዱ በእርግጥ ያ ካርድ ነው ወይ የሚለው ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ አራት ካርዶች በአንድ ቦርሳ በሚዞሩበት ሥራ መለዋወጥ እጅግ የተለመደ ነው። ካርዱ ራሱ ከሆነ ፎርማት ተደርጓል ወይም ፎቶዎቹ ተሰርዘዋል፤ ይዘቱ አሁንም ሊኖር ይችላል፣ ነገር ግን ከእንግዲህ የሚጠብቀው ማውጫ የለም። ካሜራው ላይ Low level format ተመርጦ ከነበረ ተስፋው በጣም ይቀንሳል፤ እሱ ማውጫውን ብቻ ሳይሆን ይዘቱንም ያጸዳል።

ኮምፒውተሩ ካርዱን ሊያነብ ካልቻለና ፎርማት ብቻ ከጠየቀ ሌላ ሪደር መሞከር ተገቢ ነው። ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆኑ ካርዶች ያልተሠሩ አሮጌ ሪደሮች ጤነኛውንም ካርድ የተበላሸ ያስመስሉታል። የካርዱ የብረት ጥርሶች በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ቀስ ተብለው ይጠረጋሉ። ካርዱ ጨርሶ ካልታየ፣ ባለ 64 ጊጋባይቱ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ከታየ ወይም ሲነካ ያለ ልክ ከጋለ ግን ችግሩ ማውጫው ላይ አይደለም፤ ካርዱን የሚያስተዳድረው ቺፕ ታሟል። እንዲህ ያለ ካርድ ደጋግሞ በመሰካትና በመንቀል አይድንም። የትኛውም ሶፍትዌር ሊያገኘው ስለማይችል፣ የሚቀረው መንገድ ከሜሞሪ ቺፑ በቀጥታ የሚያነብ ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ካርዱ በትክክለኛ መጠኑ ከታየና ፎቶዎቹ ካልወጡ፣ ከማንኛውም የማዳን ሙከራ በፊት የመጨረሻው እርምጃ የካርዱን ሙሉ ቅጂ መያዝ ነው። ይህ የፋይሎች ኮፒ አይደለም። ባዶ የሚባለውን ቦታ ጨምሮ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ያለው ሁሉ እንዳለ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ የሚሞከረው ሁሉ በቅጂው ላይ ስለሚሆን የተሳሳተ ሙከራ ዋጋ አያስከፍልም። ለባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከ64 ጊጋባይት በላይ ነጻ ቦታ ያለው ዲስክ ያስፈልጋል። ዲስኩ በFAT32 የተደራጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል ቅጂው መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ይህን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። በሰከንድ 80 ሜጋባይት በሚያነብ ሪደር ሥራው ሩብ ሰዓት ያህል፣ 25 በሚያነብ አሮጌ ሪደር ደግሞ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

በዊንዶውስ Win32 Disk Imager የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። መጫን ያለበት Read የሚለው ቁልፍ ነው፤ Write ከተጫነ ሥራው ይገለበጥና ካርዱ ይጠፋል። በሊኑክስ የሚሻለው `ddrescue` ነው። የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው አልፎት ሄዶ ደህናውን ካወጣ በኋላ ይመለስበታል፤ እየደከመ ላለ ካርድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

```
lsblk
sudo umount /dev/sdb1
sudo ddrescue -d /dev/sdb kard.img kard.map
```

የመጀመሪያው ትዕዛዝ ዲስኮቹን ከነመጠናቸው ይዘረዝራል። 59 ጊጋባይት ተኩል ገደማ የሆነው ካርዱ ነው፤ ስሙ `sdb` ካልሆነ በቀጣዮቹ መስመሮች ውስጥ ትክክለኛው ስም ይተካል። ሁለተኛው ሲስተሙ ካርዱን በራሱ ከፍቶት ከሆነ ይዘጋዋል። በሦስተኛው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ የሚነበበው ካርድ ይቀድማል፣ ቅጂው የሚጻፍበት ፋይል ይከተላል። የመጨረሻው ፋይል የትኛው ክፍል እንደተነበበና የትኛው እንዳልተነበበ ይመዘግባል፤ ሥራው ቢቋረጥ ያው ትዕዛዝ ሲደገም ካቆመበት ይቀጥላል።

ቅጂው ሲያልቅ መጠኑ ከካርዱ ሙሉ መጠን ጋር እኩል መሆኑ ይታያል። ካርዱ የተቆለፈ እንደሆነ ስምና ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል፤ ፎቶዎቹ ተገኝተው በሙሉ መጠናቸው ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ለሌላ ሥራ አይውልም። እንደ PhotoRec ያሉ የማዳኛ ፕሮግራሞች ካርዱን ሳይሆን ቅጂውን እንዲያነቡ ይደረጋል፤ የሚያገኙትንም ወደ ሌላ ዲስክ ይጽፋሉ። PhotoRec ማውጫውን ትቶ የፎቶ ፋይሎችን አጀማመር ምልክት ስለሚፈልግ የቀድሞ ስሞቹንና ፎልደሮቹን አይመልስም፤ ተበታትነው የተጻፉ ረጃጅም ቪዲዮዎችንም ብዙ ጊዜ ገጣጥሞ አያወጣም።

ሥራው ለባለሙያ የሚሰጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከምንም ነገር በፊት የካርዱን ሙሉ ቅጂ ይይዝ እንደሆነ ነው። ካርዱን ተቀብሎ ወዲያው የዊንዶውስን ጥገና የሚያስነሣ ሰው ጋር መተው አይገባም። ለባለሙያው የሚነገረው ደግሞ የካሜራው ዓይነት፣ የፋይሎቹ ዓይነትና ግምታዊ ብዛት፣ ካርዱ የገባባቸው ኮምፒውተሮች፣ ችግሩ ከታየ በኋላም በካርዱ ላይ የተነሣ ፎቶ ካለ እሱ ጭምር ነው። ካርዱ ከተጻፈበት መጠን በታች የሚይዝ አስመስሎ የተሠራ ካርድ መሆኑን የሚለዩ ሙከራዎችም አሉ። ነገር ግን የሚሠሩት ካርዱን ከዳር እስከ ዳር በመጻፍ ስለሆነ ተራቸው ከሁሉም በኋላ፣ ፎቶዎቹ በሁለት ቦታ መቀመጣቸው ከተረጋገጠ ወዲያ ነው።